ለወላጅ፣ ለተማሪ ወይስ ለሁለቱም በአንድነት? የርዕሰ መምህርን የእንኳን ደህና መጣችሁ ቪዲዮ ጽሑፍ ለማዘጋጀት የሚረዳ ንጽጽር

ከሁለት ዓመት በፊት በደቡብ ወሎ በሚገኝ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚኒ ሚዲያ ክበብ ተጠሪ መምህር ነበርኩ። በመስከረም መግቢያ ላይ ርዕሰ መምህሩ ለአዲስ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎችና ለወላጆቻቸው በቪዲዮ የሚያስተላልፉትን መልእክት የጻፍኩትም እኔ ነበርኩ። በጽሑፉ መካከል «ሰኞ ከጠዋቱ 2፡00 ሰዓት በትምህርት ቤቱ ግቢ እንድትገኙ» የሚል ዓረፍተ ነገር ነበር። ይህን ስጽፍ በሐሳቤ የነበሩት ተማሪዎቹ ብቻ ናቸው። ሰኞ ጠዋት ግን ብዙ ወላጆችም ከልጆቻቸው ጎን ተሰልፈው ጠበቁን። ከመካከላቸው የጤፍ አረማቸውን ጥለው፣ ሌሊት ተነስተው በእግራቸው የመጡ አንድ አባት ነበሩ። የተጠሩት ተማሪዎቹ ብቻ እንደሆኑ ስነግራቸው «መምህር፣ እናንተ ሲሉ እኛን መስሎኝ ነበር» አሉኝ።

እኒያ አባት አልተሳሳቱም፤ የተሳሳተው ጽሑፉ ነው። በአማርኛ ወላጆችን በጋራ ስንጠራ «እናንተ» እንላለን፤ ተማሪዎችንም በጋራ ስንጠራ «እናንተ» እንላለን። ለአንድ ወላጅ ብቻ የሚነገር ቢሆን «ልጅዎን ይላኩ» ብለን በአክብሮት መለየት እንችል ነበር፤ ለአንድ ተማሪም «ና» ወይም «ነይ» ማለቱ ይበቃ ነበር። ካሜራ ፊት የቆመ ርዕሰ መምህር ግን የሚናገረው ለብዙ ሰው ስለሆነ የአክብሮቱም የጾታውም ልዩነት በብዙ ቁጥር ውስጥ ይጠፋል። ስለዚህ ጽሑፉን የሚያዘጋጅ ሰው ስለ ርዝመቱም ሆነ ስለ ቀረጻው ከማሰቡ በፊት፣ በቪዲዮው ውስጥ «እናንተ» የሚባለው ማን እንደሆነ መወሰን አለበት። በዚህ ጽሑፍ የማነጻጽራቸው ሦስት አማራጮች የሚለያዩትም በዋናነት በዚህ ነው።

ሦስቱ አማራጮች

የመጀመሪያው አማራጭ ለወላጅና ለተማሪ በአንድነት የሚነገር አንድ ወጥ ጽሑፍ ነው፤ «የተከበራችሁ ወላጆችና ውድ ተማሪዎች» ብሎ ይጀምርና እስከ መጨረሻው ሁለቱን ሳይለይ ይቀጥላል። ሁለተኛው አንድ ቪዲዮ ሆኖ በመካከሉ በግልጽ የሚከፈል ነው፤ ግማሹ ለወላጅ፣ ግማሹ ለተማሪ ይነገራል፤ ተናጋሪውም የማን ተራ እንደሆነ በቃል ይናገራል። ሦስተኛው ሁለት የተለያዩ ቪዲዮዎችን ማዘጋጀትና እያንዳንዱን ለባለቤቱ መላክ ነው።

ብዙ ትምህርት ቤቶች የሚመርጡት የመጀመሪያውን ነው፤ ምክንያቱም ለመጻፍም ለመቅረጽም ይቀላል። መልእክቱ ሰላምታና ምርቃት ብቻ ከሆነ ምርጫው ምንም ጉዳት የለውም። ለ1ኛ ክፍል ገቢዎችም ይሠራል፤ የስድስት ወይም የሰባት ዓመት ልጅ ከቪዲዮ ትእዛዝ ተቀብሎ የሚፈጽመው ነገር ስለሌለ ጽሑፉ በስም ለሁለቱ ቢሆንም በተግባር የወላጅ ብቻ ነው። ችግሩ የሚጀምረው አንድ ሰው አንድ ነገር እንዲያደርግ በሚጠየቅበት ቦታ ነው። «ማስረጃችሁን ይዛችሁ ቅረቡ» የሚለውን ወላጁ ለራሱ የተነገረ አድርጎ ይሰማል፤ «ክትትል አድርጉ» የሚለውን ደግሞ ተማሪው ትምህርቱን ስለመከታተል የተነገረ አድርጎ ይወስደዋል። አንዳንድ ጸሐፊ ይህን ለማስወገድ «ወላጆች ልጆቻቸውን እንዲልኩ፣ ተማሪዎችም በሰዓቱ እንዲገኙ» እያለ በሦስተኛ ሰው መጻፍ ይጀምራል። ይህ ግልጽነትን ይሰጣል፤ ነገር ግን ንግግሩ በግቢው በር ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ይመስላል፤ ርዕሰ መምህሩም ለቤተሰብ እንግዳ ሰው ሆነው ይቀራሉ።

ሦስተኛው አማራጭ በወረቀት ላይ ሲታይ ከሁሉም የተሻለ ይመስላል። እያንዳንዱ ቪዲዮ አጭር ነው፤ ለወላጅ በአክብሮት፣ ለተማሪ በቅርበት መናገር ይቻላል። የወላጆችን ስልክ ቁጥር በምዝገባ ጊዜ ተቀብሎ በየክፍሉ የወላጆች የቴሌግራም ቡድን ላለው ትምህርት ቤት እኔም ይህንኑ እመክራለሁ። ለአንድ የገጠር ቀበሌ ቤተሰብ ግን ነገሩ የተለየ ነው። ልጁ ከ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና በኋላ ወደ ከተማ ትምህርት ቤት ሲመጣ፣ ቪዲዮው ወደ ቤተሰቡ የሚደርሰው በተማሪው ስልክ ወይም ከተማ በሚኖር ዘመድ ስልክ በኩል ነው። ይህም ማለት የወላጁ መልእክት አድራሽ ተማሪው ራሱ ነው። ስለ መቅረት፣ ስለ ማርፈድና ስለ ቁጥጥር የሚናገር ቪዲዮ ለብቻው ሲላክ አንዳንዱ ተማሪ የራሱን ያይና የወላጁን ቤት ሳያደርስ ይቀራል። በሁለተኛው ዓመት ይህን አማራጭ ሞክረን ነበር፤ በወላጆች ስብሰባ ላይ ቪዲዮውን ያያችሁ እጃችሁን አውጡ ስንል የወጣው እጅ እጅግ ጥቂት ነበር። ተማሪዎቹን ስንጠይቅ ግን የእነርሱን ድርሻ ሁሉም ማለት ይቻላል አይተውታል።

ለመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በተለይ ከዙሪያ ቀበሌዎች ብዙ ተማሪ ለሚቀበል፣ ሁለተኛውን የማስቀድመው በዚህ ምክንያት ነው። ፋይሉ አንድ ስለሆነ የወላጁን ክፍል ለይቶ ማስቀረት አይቻልም። ከዚህ ሌላ አንዱ ለሌላው የተነገረውን ይሰማል፤ ልጅቱ አባቷ ምን እንደተጠየቁ ታውቃለች፤ አባትየውም ልጃቸው በየትኛው ሰዓት በር ላይ መገኘት እንዳለባት ይሰማሉ። ቅደም ተከተሉን በተመለከተ ወላጅን ማስቀደም ይሻላል። ታላቅን ማስቀደም ልማዳችን መሆኑ አንድ ነገር ነው፤ ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ሥራ ላይ ያለ ወላጅ ስልክ ሲያሳዩት በትዕግሥት የሚሰማው የመጀመሪያውን አንድ ደቂቃ ያህል ነው፤ ተማሪው ግን ጉዳዩ የራሱ ስለሆነ እስከ መጨረሻው ይጠብቃል፤ ካልገባውም ደጋግሞ ይከፍተዋል።

አንድ ጽሑፍ ከረቂቅ እስከ ፍጻሜ

በሦስተኛው ዓመት ርዕሰ መምህሩ በእጃቸው የጻፉትን አራት ገጽ ሰጡኝ። ጮክ ብዬ እያነበብኩ በሰዓት ስለካው ከስምንት ደቂቃ በለጠ። በዝግታ የሚናገር ሰው በደቂቃ መቶ ያህል የአማርኛ ቃል ይናገራል፤ ይህ የእኔ ልኬት ስለሆነ እያንዳንዱ አዘጋጅ የራሱን ተናጋሪ ሰዓት ይዞ ሊለካ ይገባል። በአራቱ ገጾች የትምህርት ቤቱ ታሪክ፣ በግንባታ ላይ ያለው ቤተ ሙከራ፣ የባለፈው ዓመት ውጤትና አሥራ አራት የሥነ ሥርዓት ደንቦች ነበሩ። ታሪኩን ማውጣቱ ርዕሰ መምህሩን አሳዝኗቸዋል። እኔ ግን እንደ ደሴው ወይዘሮ ስኂን ስሙ ከንጉሥ ሚካኤል ልጅ የመጣ፣ ታሪኩ የሚያኮራ ትምህርት ቤት እንኳ ቢሆን ያን ታሪክ ለሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ቢያቆየው ይሻላል ባይ ነኝ፤ ተማሪዎቹ በዚያ ሰዓት በአንድ ቦታ ቆመው ይሰማሉና።

ከአራቱ ገጾች የሚቀረውን ለመምረጥ አንድ ጥያቄ ብቻ ተጠቀምን። ሰሚው ይህን ባይሰማ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ምን ይጎድልበታል? ምንም የማይጎድልበት ከሆነ ወጣ። ከአሥራ አራቱ ደንቦች ለቪዲዮው አንድም አልቀረም፤ ሁሉም በወረቀት ታትመው በስም ጠሪ መምህሩ በኩል እንዲሰጡ ሆነ። በመጨረሻ የተነገረው ጽሑፍ ይህ ነው።

«ጤና ይስጥልኝ። አሰላሙ ዓለይኩም። እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሳችሁ። እኔ የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ነኝ። በመጀመሪያ የምናገረው ለወላጆችና ለአሳዳጊዎች ነው። ተማሪዎች፣ የእናንተ ተራ ቀጥሎ ነው።

እናቶችና አባቶች፣ ልጆቻችሁ 8ኛ ክፍልን አልፈው ወደ እኛ መጥተዋል፤ እንኳን ደስ አላችሁ። ከእናንተ የምንፈልገው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ስለ ኪራይ ቤት ነው። ልጆቻችሁ ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይተው የሚማሩ ከሆነ የአከራዩን ስምና ስልክ ስጧቸው፤ እነርሱ ለስም ጠሪ መምህራቸው ያስመዘግባሉ። ልጅ ሲታመም ወይም ሲቀር በመጀመሪያ የምንደውለው ለእናንተ ነው። የእናንተ ስልክ እምቢ ካለን ለአከራዩ እንደውላለን። ሁለተኛው ስለ ስንቅ ነው። ቅዳሜና እሑድ ስንቅ ለመውሰድ የሚመጡ ልጆች እሑድ ከመምሸቱ በፊት ከተማ ይግቡ። ሰኞ ጠዋት ከቤት የተነሳ ልጅ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ያጣል። ትምህርት በሚጀመርበት ቀን ወላጅ አይመጣም፤ ልጆቹ ብቻቸውን ይመጣሉ። እናንተን የምንጠራችሁ ለወላጆች ስብሰባ ነው፤ ጥሪውን በወረቀት እንልካለን።

አሁን ተራው የተማሪዎች ነው። ልጆች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። በመጀመሪያው ቀን ከጠዋቱ 2፡00 ሰዓት በር ላይ ተገኙ። የ8ኛ ክፍል የውጤት ማስረጃችሁን ዋናውንና ኮፒውን ያዙ። በሩን ስትገቡ በስተቀኝ የማስታወቂያ ሰሌዳ አለ። ስማችሁንና ክፍላችሁን እዚያ ታገኛላችሁ። ስሙን ያጣ ተማሪ ወደ ቤቱ አይመለስ፤ ሰሌዳው አጠገብ የቆመውን መምህር ይጠይቅ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የማይገባችሁ ነገር ይበዛል። ይህ ከስንፍና አይቆጠርም፤ ከእናንተ በፊት የገቡትም እንዲሁ ነበሩ። ያልገባችሁን በአማርኛ ጠይቁ፤ መምህራኑ ያስረዷችኋል። አብሽሩ። ፈጣሪ ዓመቱን የሰላም ያድርግልን።»

ይህ ጽሑፍ በርዕሰ መምህሩ አነጋገር ከሁለት ደቂቃ ጥቂት አለፈ። በውስጡ ሆን ተብለው የተደረጉ ነገሮች አሉ። «ወላጅ አይመጣም» የሚለው ዓረፍተ ነገር የተጻፈው በመጀመሪያው ዓመት ስህተታችን ምክንያት ነው፤ ማን መምጣት እንዳለበት ብቻ መናገር በቂ እንዳልሆነ፣ ማን መምጣት እንደሌለበትም መነገር እንዳለበት ያስተማሩን እኒያ አባት ናቸው። «ተማሪዎች፣ የእናንተ ተራ ቀጥሎ ነው» እና «አሁን ተራው የተማሪዎች ነው» የሚሉት ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ደግሞ የቪዲዮው ማጠፊያ ናቸው። እነዚህ ቢወጡ ሁለተኛው አማራጭ ሳይታወቅ ተመልሶ የመጀመሪያው ይሆናል። በቀረጻ ጊዜም ርዕሰ መምህሩ በማጠፊያው ላይ ጥቂት ዝም እንዲሉ አደረግን፤ ስልክ ሳያይ በጆሮው ብቻ የሚከታተል ሰው የተራውን መለወጥ የሚያውቀው በዚያ ዝምታ ነው።

የትምህርት መጀመሪያውን ቀን በጽሑፉ ውስጥ አለማስገባታችንም በስህተት አይደለም። ቀኑ በትምህርት ቢሮ ማስታወቂያ ሊለወጥ ይችላል፤ በቪዲዮ የተነገረ ቀን ደግሞ ከተሰራጨ በኋላ አይታረምም። አሮጌው ፋይል ከስልክ ወደ ስልክ መዞሩን ይቀጥላል። ስለዚህ የሚለወጠውን ሁሉ፣ ማለትም ቀኑንና የቢሮውን ስልክ ቁጥር፣ ከቪዲዮው ሥር በሚጻፈው አጭር ጽሑፍ ላይ አደረግነው። በዚያ ጽሑፍ ላይ ሰዓት ሲጻፍ «ከጠዋቱ» የሚለውን ቃል መተው አይገባም፤ የስልኩ ሰዓት 8:00 በሚልበት ጊዜ እኛ 2፡00 ስለምንል ቁጥሩ ለብቻው ሲታይ ያሳስታል።

የሚስማማኝም የማይስማማኝም ቃል በጽሑፉ ውስጥ አለ። «አብሽሩ» የሚለውን የጨመሩት ርዕሰ መምህሩ ራሳቸው ናቸው። እኔ በመደበኛ ጽሑፍ ውስጥ የአካባቢ ቃል መግባቱ ክብር ይቀንሳል ብዬ ተከራክሬ ነበር። ቪዲዮው ከወጣ በኋላ ግን ተማሪዎቹ በግቢው ውስጥ እየደጋገሙ የሚናገሩት ይህንኑ ቃል ሆነ፤ ስለ እንግሊዝኛው የሰሙትን የሚያስታውሱትም በእርሱ በኩል ነበር። በክርክሩ እንደተሸነፍኩ አምኛለሁ።

አንብቦ መናገር፣ በነጥብ መናገር ወይስ መጠየቅና መመለስ

ጽሑፉ ከተዘጋጀ በኋላ ሁለተኛው ምርጫ የአነጋገሩ መንገድ ነው። ሙሉውን ማንበብ ምንም ነገር እንዳይረሳ ያደርጋል፤ ዋጋው ግን በዓይን ይታያል። ወረቀቱ ከካሜራው በታች ከተያዘ ተናጋሪው አንገቱን እየደፋ ያነብባል፤ በጎን ከተለጠፈ ዓይኑ ወደ ጎን ይሮጣል። ስልክ ላይ ጽሑፍ እየወረደ የሚያስነብቡ መተግበሪያዎች ይህን ቢያቃልሉም፣ ጽሑፉ ከተናጋሪው በፈጠነ ጊዜ ድምፁ የሩጫ ድምፅ ይሆናል።

ከዓይኑ የሚብሰው ግን የዓረፍተ ነገሩ ሥሪት ነው። የአማርኛ ግሥ በመጨረሻ ስለሚመጣ አንባቢ ረጅም ዓረፍተ ነገርን ወደ ኋላ ተመልሶ ያያል፤ ሰሚ ግን መመለሻ የለውም። በመጀመሪያው ረቂቅ «ወላጆች ከትምህርት ቤቱ ጋር በመቀናጀት በተማሪዎች የመማር ማስተማር ሂደት ላይ አሉታዊ ተጽዕኖ የሚያሳድሩ የመቅረትና የማርፈድ ችግሮችን ለመቅረፍ የበኩላችሁን ድርሻ እንድትወጡ» የሚል ነበር። ሰሚው «እንድትወጡ» እስኪደርስ ድረስ ምን እንደተጠየቀ አያውቅም፤ ሲደርስም የተጠየቀው ነገር በውስጡ የለም። በመጨረሻው ጽሑፍ ቦታውን የያዘው «እሑድ ከመምሸቱ በፊት ከተማ ይግቡ» የሚለው ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር በአንድ ትንፋሽ ካላለቀ ለሁለት መከፈል አለበት፤ ይህን ለማወቅ ጮክ ብሎ ከማንበብ ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም።

በነጥብ መናገር ማለት አራት ወይም አምስት ቃል በካርድ ላይ ጽፎ የቀረውን ከልብ መናገር ነው። ፊት ይፈታል፤ ድምፅም የሰው ድምፅ ይሆናል። ጉዳቱ መርዘሙ ነው። ርዕሰ መምህራችን በነጥብ ሲሞክሩ የሁለት ደቂቃው መልእክት አምስት ደቂቃ ሆነ፤ «ኮፒውን» የሚለውም ተረሳ። በሁለት ሰዎች መካከል በመጠየቅና በመመለስ የሚደረገው ሦስተኛው መንገድ ካሜራ ለሚፈሩ ርዕሰ መምህር ጥሩ መሸሸጊያ ነው፤ ሆኖም ጠያቂው ተማሪ ከሆነ መልሱ ለጠያቂው ስለሚነገር «እናንተ» የሚባለው ማን ነው የሚለው ችግር እንደገና ይመለሳል።

እኛ የደረስንበት ቅልቅል ነው። መክፈቻው፣ ማጠፊያውና ቁጥር ያለበት ዓረፍተ ነገር ሁሉ ቃል በቃል ተጠንቶ ይነገራል፤ ስለ ስንቅና ስለ እንግሊዝኛ የሚነገረው በነጥብ ይነገራል። የወላጁና የተማሪው ክፍል በተለያየ ጊዜ ስለሚቀረጽ ተናጋሪው በአንድ ጊዜ የሚይዘው የአንድ ደቂቃ ነገር ብቻ ነው። ከላይ ያቀረብኩት ጽሑፍም ከመጨረሻው ቀረጻ የተገለበጠ ስለሆነ በረቂቁ ያልነበሩ ቃላት አሉበት፤ «እምቢ ካለን» የሚለውን እኔ አልጻፍኩትም።

ቪዲዮው ከመለቀቁ በፊት መፈተን አለበት። ፈተናው ቀላል ነው፤ ጉዳዩን ለማያውቅ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ታሳያለህ፤ ከዚያ ማን፣ መቼ፣ ምን ይዞ እንዲመጣ እንደተነገረ ትጠይቀዋለህ። እኛ የጠየቅነው የግቢውን ጥበቃ ነበር። እርሳቸውም ሁሉን በትክክል ከመለሱ በኋላ «ኮፒ የት ይነሳል?» ብለው ጠየቁን። መልሱን ከቪዲዮው ሥር ባለው ጽሑፍ ላይ ጨመርነው። መምህርን መፈተሻ ማድረግ ግን አይጠቅምም፤ መምህር ያልተነገረውንም ከልምዱ ሞልቶ ይሰማል።

ቋንቋና ሰላምታ

በወሎ ለሚዘጋጅ ቪዲዮ ይህ ምርጫ እንደየአካባቢው ይለያያል። በደሴ፣ በወልድያ ወይም በላሊበላ አማርኛው ይበቃል። ከሚሴ ዋና ከተማው በሆነው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞንና በባቲ በኩል ግን በቤታቸው ኦሮምኛ የሚናገሩ ብዙ ወላጆች አሉ። እዚህ ላይ ሁለት አማራጮች ይቀርባሉ፤ በአማርኛው ቪዲዮ ግርጌ የኦሮምኛ ጽሑፍ ማስገባት ወይም የወላጁን ክፍል በኦሮምኛ እንደገና በድምፅ መቅዳት። የግርጌ ጽሑፍ ርካሽና ፈጣን ነው፤ የሚጠቅመው ግን ማንበብ ለሚችል ሰው ብቻ ነው፤ ማንበብ የሚችለው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ተማሪው ነው፤ እርሱ አማርኛውንም ይሰማል። የትርጉሙ ባለጉዳይ ወላጁ ከሆነ ድምፁን መቅዳት ይሻላል። ርዕሰ መምህሩ ቋንቋውን የማይናገሩ ከሆነ፣ ከወላጅ ተማሪ መምህር ህብረት አባላት መካከል ቋንቋውን የሚናገርና በአካባቢው የሚታወቅ ሰው ቢናገረው፣ በተሰባበረ አነጋገር ከማንበብ የበለጠ ይከበራል። ጽሑፉ በሁለት ክፍል የተዘጋጀ መሆኑ እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ የሚተካው የወላጁ ክፍል ብቻ ነውና።

ሰላምታን በተመለከተ፣ በአንድ ቤት ውስጥ እንኳ ሙስሊምና ክርስቲያን ዘመድ በሚኖርበት አገር፣ ተናጋሪው የየትኛውም እምነት ተከታይ ቢሆን ሁለቱንም ሰላምታ ማቅረቡ እንግዳ አይደለም። የዘመን መለወጫን መልካም ምኞት መጨመር ይቻላል፤ የሃይማኖት በዓላትን ግን መተው ይሻላል፤ አንዱን ጠርቶ ሌላውን መርሳት ይመጣልና። በመዝጊያው ምርቃት ላይ «ፈጣሪ» የሚለው ቃል የተመረጠውም ለዚሁ ነው።

ቀረጻውና ስርጭቱ

ስለ ቀረጻ ብዙ የምለው የለኝም፤ አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ቪዲዮው የሚዘጋጀው በነሐሴ መጨረሻ ነው፤ በዚያ ወቅት ደግሞ ከሰዓት በኋላ ይዘንባል። የርዕሰ መምህሩ ቢሮ ጣሪያ ቆርቆሮ ከሆነ፣ በጆሮ ቀላል የሚመስለው ካፊያ በስልክ ቀረጻ ላይ ንግግሩን ይውጠዋል። ስለዚህ ቀረጻውን ጠዋት ማድረግ፣ ስልኩን ከተናጋሪው ከአንድ ሜትር ብዙም ሳያርቁ ማስቀመጥና የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ቀርጾ ወዲያው በጆሮ ማዳመጫ መስማት ያስፈልጋል። በውጭ፣ በባንዲራው ሥር መቅረጽ ለዓይን ያምራል፤ ነፋስ ካለ ግን የኮሌታ ማይክ የሌለው ሰው ባይሞክረው ይሻላል። የተማሪዎችን ፊት በመግቢያ ምስልነት ለማስገባት የሚፈልግ ደግሞ በቅድሚያ የወላጆቻቸውን ፈቃድ ይጠይቅ።

ስርጭቱንም በሁለት መልክ ማዘጋጀት ይጠቅማል። የሁለት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ቪዲዮ በሰከንድ 1 ሜጋቢት እንዲሆን ተደርጎ ቢታመቅ 17 ሜጋባይት ተኩል ያህል ይሆናል፤ ድምፁ ብቻ በሰከንድ 64 ኪሎቢት ቢወጣ ግን ከ1 ሜጋባይት ብዙም አይበልጥም። የዳታ ጥቅል እየቆጠረ ለሚጠቀም ቤተሰብ ልዩነቱ ትልቅ ነው። የድምፁን ፋይል በሚሞሪ ካርድ ጭኖ በቁልፍ ስልክ መስማትም ይቻላል። የወላጁ ክፍል በጆሮ ብቻ ቢሰማም እንዲገባ ሆኖ መጻፍ ያለበት ለዚህ ነው፤ «እዚህ እንደምታዩት» የሚል አነጋገር በውስጡ ሊኖር አይገባም።

ስልክ በሌለበት ደግሞ የገበያ ቀን አለ። ለምሳሌ የባቲ ገበያ የሚውለው ሰኞ ነው፤ ከዙሪያ ቀበሌዎች የሚመጡ ወላጆች ያን ቀን ከተማ ናቸው። እኛም ከትምህርት መጀመሪያው በፊት ባለው የገበያ ቀን፣ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ሞንታርቦ አቁመን የወላጁን ክፍል ብቻ ጠዋትና ቀትር ላይ አሰማን። በመጀመሪያው ዓመት አረማቸውን ጥለው የመጡት አባት ያን ቀን ታናሽ ልጃቸውን ለማስመዝገብ መጥተው ነበር። ቆመው እስከ መጨረሻው ከሰሙ በኋላ «ዘንድሮ እኛ አንመጣም ማለት ነው?» ብለው ጠየቁኝ፤ «አዎ አባባ፣ ልጆቹ ብቻ» አልኳቸው።